ምክር አይደለም፣ ግምት ነው

ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ በኦሊምፒክና በዊትወርዝ መካከል ባለችው «ሊትል ኢትዮጵያ» ቡና ይዞ የተቀመጠን ሰው «ሰሞኑን ምን አየህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ግስ ዙሪያ ይሽከረከራል። «አንድ ድራማ መጣልኝ» ይላል። «አንድ ቃለ ምልልስ መጣልኝ።» ፈልጌ አገኘሁ አይልም፤ እገሌ ነገረኝ አይልም። ፊልም እንደ ዝናብ የሚመጣ ነገር ሆኗል። ከየት እንደመጣና ለምን ለእሱ እንደመጣ የሚጠይቅ ብዙ የለም። የሚጠይቅ ቢገኝ እንኳ መልሱ የተዘጋጀ ነው፦ «አልጎሪዝሙ የምወደውን ያውቃል።»

አያውቅም። እነዚህ ማሽኖች መካሪ ሳይሆኑ ገማች ናቸው። እኛ እንደ መካሪ ስለተቀበልናቸው በቋንቋችን የተሠራው ፊልምና በልጆቻችን የተሠራው ታላቅ ሥራ ከዓይናችን እየራቀ ነው። መፍትሔውም ከቅንብር ማስተካከያ ገጽ ብቻ አይገኝም።

የሚመክር ሰው ሁለት ነገር ያውቃል፤ ሥራውንና እናንተን። በቪኤችኤስና በዲቪዲ ዘመን በርበሬና ሽሮ ከሚሸጥበት መደርደሪያ አጠገብ የአማርኛ ፊልም ይደረድር የነበረው ባለሱቅ የፊልም ምሁር አልነበረም። ግን «ይሄንን ለእናትዎ አይውሰዱ፣ ያዝናሉ» ማለት ይችል ነበር። ፊልሙ ካልጣማችሁም በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመለሱ የምትወቅሱት ፊት ነበረው። አልጎሪዝሙ ፊልሙን አያውቀውም፤ እናንተንም አያውቅም። የሚያውቀው ከእናንተ በፊት ጣታቸውን ያሳረፉ ሰዎች የት እንዳሳረፉና ስንት ደቂቃ እንደቆዩ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ በጥቂቱ እንመልከት። ዩቲዩብ እስከ 2012 ድረስ ቪዲዮዎችን የሚያስቀድመው በዋናነት ስንት ጊዜ እንደተከፈቱ አይቶ ነበር። ያ ዘዴ አታላይ ሽፋን ያላቸውን ቪዲዮዎች ስላበዛ፣ በዚያ ዓመት ሚዛኑን ወደ ዕይታ ጊዜ አዞረ። በ2016 የድርጅቱ መሐንዲሶች ስለ አሠራሩ ባሳተሙት ጥናት ሁለት ደረጃዎችን ገለጹ። በመጀመሪያው ማሽኑ ከሚሊዮኖች መካከል የእናንተን የሚመስል ታሪክ ያላቸው ሰዎች ያዩዋቸውን ጥቂት መቶ ቪዲዮዎች ያጠልላል። በሁለተኛው እነዚያን በተራ ይደረድራቸዋል። ተራውን የሚወስነው ደግሞ አንድ ጥያቄ ነው፦ ይሄ ቪዲዮ ለዚህ ሰው ቢታይ ስንት ደቂቃ ያስገኛል? ከዚያ ወዲህ የእርካታ መጠይቆችና ሌሎች ምልክቶች ተጨምረዋል፤ የሥራው ባሕርይ ግን ያው የሰውን ቀጣይ ድርጊት መገመት ነው። በ2018 ከድርጅቱ ኃላፊዎች አንዱ ሰዎች ዩቲዩብ ላይ ከሚያሳልፉት ጊዜ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ከዚህ ጥቆማ የሚመነጭ መሆኑን በይፋ ተናግረዋል።

ይህ ስሌት በአንድ የአማርኛ ፊልም ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት በምናብ ቁጥር እንሥራው። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ፣ ዝግ ያለ፣ በጥንቃቄ የተሠራ ፊልም ለመቶ ሰዎች ታየ እንበል። ሁለቱ ከፈቱት፤ እያንዳንዳቸው ሠላሳ ደቂቃ ቆዩ። ድምሩ 60 ደቂቃ ነው። በሌላ በኩል የተከታታይ ድራማ አንድ ክፍል ለመቶ ሰዎች ታየ፤ አሥሩ ከፍተው አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ ቆዩ። ድምሩ 150 ይሆናል። ለማሽኑ ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ። ድራማው ለሚቀጥሉት መቶ ይታያል፤ ፊልሙ ወደ ታች ይወርዳል። ፊልሙን ከከፈቱት ሁለት ሰዎች አንደኛው እስከ ዛሬ የሚያስበው ነገር አግኝቶበት ሊሆን ይችላል። የስሌቱ ሠንጠረዥ ግን ለዚያ የሚሆን ዓምድ የለውም።

በእንግሊዝኛ ይህ ጉዳት ይታገሣል። እንግዳ የሆነ ፊልም እንኳ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሺህ ተመልካች ስለሚያገኝ፣ ማሽኑ «ይህን የወደዱ ያንንም ወደዱ» የሚልበት በቂ ዱካ አለው። በአማርኛ ግን ዱካው ስስ ነው። አንድን ጥሩ ፊልም ያዩ ጥቂት ሰዎች ቀጥለው ያዩት ነገር እርስ በርሱ ካልተገጣጠመ፣ ማሽኑ የሚይዘው ክር አያገኝም። ክር ሲያጣ ወደ ብዙኃኑ ይመለሳል፦ አማርኛ የሚያይ ሰው በአብዛኛው ምን ያያል? ዜና፣ የፖለቲካ ትንታኔ፣ ተከታታይ ድራማ፣ የታዋቂ ሰዎች ጭቅጭቅ። ስለዚህ አንድ ፊልም አይታችሁ ስትጨርሱ የሚቀርብላችሁ የፊልሙ ወንድም ሳይሆን የቋንቋው አማካይ ነው። ቋንቋችሁ እንደ ጣዕም ተቆጥሮባችኋል ማለት ነው። እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይወዳል ብሎ የሚያስብ የለም፤ እኛ ግን በተግባር እንደዚያ እየተቆጠርን ነው።

በዚህ ላይ የቤታችን ልማድ ይጨመራል። በብዙ የስደት ቤት ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን አንድ ነው፤ የተከፈተበት አካውንትም አንድ ነው። ጠዋት አያት መዝሙር ይሰሙበታል፤ ከሰዓት ልጆቹ ካርቱን ያዩበታል፤ ማታ አባት ትንታኔ ይከታተልበታል። እሑድ ደግሞ ቡና ተፈልቶ እንግዳ ሲጫወት፣ ማንም የማያየው ድራማ ከኋላ ራሱን እያስከተለ ሦስት ክፍል ይሄዳል። እኛ ያንን ማየት አንለውም። ማሽኑ ግን ሦስቱንም ክፍሎች እንደ ታየ ይመዘግባል። በዚህ መንገድ የተገነባው «የእናንተ ምርጫ» የማንም ያልሆነ፣ አራት ሰውና አንድ ባዶ ሶፋ ተደባልቀው የሠሩት ፍጡር ነው። «የምወደውን ያውቃል» የምንለው እሱን ነው።

ነገሩ በእኛ ሳሎን ብቻም አይቀርም። የማስታወቂያ ክፍያ ተመልካቹ ባለበት አገር ስለሚለያይ፣ ከሎስ አንጀለስ የሚመጣ አንድ ዕይታ ከደብረ ማርቆስ ከሚመጣው ብዙውን ጊዜ የተሻለ ዋጋ አለው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለዩቲዩብ የሚሠራ ሰው ይህን ያውቃል፤ የውጭው ሰው የቆየበትን ደግሞ ይሠራል። ስለዚህ ፌርፋክስ ላይ በግዴለሽነት የምንተወው ራስ አስከታይ ቪዲዮ ለአገር ቤቱ ባለሙያ የሥራ ትእዛዝ ሆኖ ይደርሰዋል። ከዚያ እዚያው ያለው ተመልካች በእኛ መዘናጋት የተመረጠውን ያያል፤ እኛም መልሰን «አገር ቤት ጥሩ ፊልም ጠፋ» እንላለን።

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ፊልም ልለፍ፤ እዚሁ ከተማ ላይ የተማረ ሰው የሠራው ነውና። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ በ1970ዎቹ ዩሲኤልኤ ተምሯል። በኋላ «የሎስ አንጀለስ አመፅ» የሚል ስም ከተሰጣቸው የጥቁር ፊልም ሠሪዎች አንዱ ነው። «ቡሽ ማማ»ን እዚሁ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሠራ፤ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ኢትዮጵያ ሄዶ ቀረጸ። በ1993 «ሳንኮፋ»ን ይዞ በርሊን የፊልም ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። ስለ ባርነት የሚናገረውን ይህን ፊልም የአሜሪካ አከፋፋዮች አልወሰዱትም። ኃይሌና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና ግን ቤታቸው አልተቀመጡም። ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ፣ በየከተማው ያለውን ማኅበረሰብ እያስተባበሩ፣ ፊልሙን ከከተማ ከተማ አዞሩት። ሰው ለሰው ነገረ፤ ወረፋ ሆነ።

የዚያን ጊዜዎቹን አከፋፋዮች ልብ በሉ። ፊልሙ መጥፎ ነው ሳይሆን «ተመልካች አያገኝም» የሚል ግምት ነበራቸው። ግምቱ ስሕተት መሆኑን ያሳየው ሌላ ግምት አልነበረም፤ ፊልሙን አይተው፣ ምን እንደሆነ አውቀው፣ ለሌላው የተናገሩ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ያ የአከፋፋይ ግምት በየሰከንዱ፣ በየስልኩ፣ ለእያንዳንዳችን ለብቻ ይሰላል። ልዩነቱ የያኔው እምቢታ በር ላይ ቆሞ ይታይ ስለነበር ሰው ተቆጥቶበት ዞሮ መግባቱ ነው። የዛሬው እምቢታ አይታይም። ፊልሙ አልተከለከለም፤ ሃያኛው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

«ሳንኮፋ» በ2021 ታድሶ በመስከረም ወር ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ያሳደሰውና ያከፋፈለው የአቫ ዱቨርኔ ድርጅት አሬይ ነው። ይህ በሃያ ስምንት ዓመት የዘገየ ድል ነው፤ አላቃልለውም። ግን ይህንንም ያደረገው የሰው ምርጫ መሆኑን አስተውሉ፤ አንዲት ፊልም ሠሪ ሥራውን አውቃ ይዛው ሄደች። ፊልሙ መድረኩ ላይ ከገባ በኋላ ግን እጣው ለደርዳሪው ማሽን ተላልፏል። ኔትፍሊክስ ራሱ በ2015 የኃላፊዎቹ ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ደንበኞች ከሚያዩት ሰዓት 80 በመቶ ያህሉ ከጥቆማ የሚመጣ ነው። ተመልካቹም ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ውስጥ፣ ከአሥር እስከ ሃያ ርዕሶችን ቃኝቶ የሚፈልገውን ካላገኘ ይሰለቻል። ጨዋታው በሙሉ በዚያ አንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ነው።

እንግዲህ አንድ የፌርፋክስ ሰው እንውሰድ። የኃይሌን «ጤዛ» በዲቪዲ አይቶታል፤ በቬኒስ የ2008ቱን የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘውን ፊልም ማለቴ ነው። ወድዶታል፤ ለጓደኞቹም አውርቷል። ለኔትፍሊክስ ግን ይህ ሁሉ አልተፈጸመም። ዲቪዲው ዱካ አልተወም፤ ወሬውም ዱካ አልተወም። ኔትፍሊክስ ላይ ያለው ታሪክ ልጆቹ የሚያዩት ካርቱንና እሱ ደክሞት የከፈተው የወንጀል ተከታታይ ነው። «ሳንኮፋ» ከእነዚያ ጋር በምን ይገናኛል? በዓለም ላይ ፊልሙን ለማየት ከማንም ይበልጥ የተዘጋጀው ሰው፣ ለማሽኑ ፊልሙን ለማሳየት ምንም ምክንያት የሌለበት ሰው ሆነ። ይህ የቴክኒክ ጉድለት አይደለም፤ ማሽኑ በትክክል ሲሠራ የሚሆነው ነው። ከመድረኩ ውጭ ያለን ሕይወት፣ ማለትም እኛን እኛ ያደረገን አብዛኛው ነገር፣ አይቆጠርም።

«እኔ ላይ ማንም አላስገደደኝም፤ የምከፍተው ራሴ ነኝ» የሚል ተቃውሞ አለ። እውነት ነው፤ ግን ምርጫው ከቀረበው ውስጥ ነው፤ የአቀራረቡ መልክ ሳይቀር ለእያንዳንዱ ይሰፋል። ኔትፍሊክስ በ2017 መጨረሻ እንደገለጸው፣ የአንድ ፊልም የሽፋን ምስል ራሱ እንደ ተመልካቹ ታሪክ ይለዋወጣል። በማግስቱ ዓመት ጥቁር ተመልካቾች፣ በፊልሙ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚታዩ ጥቁር ተዋናዮች በሽፋኑ ላይ ዋና መስለው እየቀረቡላቸው መሆኑን ተናገሩ። ድርጅቱ ስለ ደንበኞቹ ዘር አንጠይቅም፣ የምናየው የዕይታ ታሪክን ብቻ ነው ብሎ መለሰ። መልሱን ማመን ይቻላል፤ ከክሱ የሚከፋውም እሱ ነው። ማንነታችሁን ሳይጠይቅ፣ ከታሪካችሁ ብቻ ተነሥቶ መንጠቆውን በልካችሁ መሥራት ይችላል ማለት ነውና። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃም አያስገድድም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ «ድሮ የነበረው ባለሱቅ ሠላሳ ዲቪዲ ነበረው፤ ዛሬ ሺዎች የአማርኛ ሥራዎች በነጻ አሉ፤ በምን ታማርራለህ?» በመጋዘኑ አላማርርም። መጋዘኑ ትልቅ ነው፤ በሩ ግን ጠቧል። መጋዘንን እንደ በር መቁጠር ነው ስሕተቱ።

ታዲያ እንዴት ይወጣል? በመጀመሪያ፣ ውስጥ መሆናችሁን እወቁ። ዩቲዩብን ክፈቱና የመጀመሪያዎቹን ሃያ ቪዲዮዎች ቁጠሩ። ስንቶቹ ከዚህ በፊት ከፍታችሁት ከማታውቁት ቻናል ናቸው? ከዚያ በግል መስኮት፣ አካውንት ሳትከፍቱ፣ ያንኑ የምትወዱትን ፊልም በስሙ ፈልጋችሁ በጎን የሚመጣውን ዝርዝር አወዳድሩ። ሁለቱ በጣም ከተለያዩ፣ ልዩነቱ የእናንተ ታሪክ ነው። ሁለቱም ያው ዜናና ያው ድራማ ከሆኑ፣ የምታዩት የቋንቋውን አማካይ ነው።

ቀጥሎ በሌላ በር ግቡ። የዩቲዩብን የፊት ገጽ ትታችሁ youtube.com/feed/subscriptions ላይ ብትጀምሩ፣ የሚታያችሁ እናንተ የመረጣችኋቸው ቻናሎች ሥራ ነው። ፍለጋ ስትጠቀሙም የርዕሰ ጉዳይ ቃል ሳይሆን የሰው ስም ጻፉ፤ ዳይሬክተሩን፣ ጸሐፊውን፣ ተዋናዩን። የአማርኛ ፍለጋ የራሱ ጣጣ አለው፤ የጫነው ሰው በየትኛው «ሀ» እንደጻፈ አይታወቅም። «ኃይሌ ገሪማ»፣ «ሀይሌ ገሪማ» እና Haile Gerima ሦስት የተለያዩ ዝርዝሮች ሊያመጡላችሁ ይችላሉ። ሦስቱንም ሞክሩ።

ከዚያ ታሪካችሁን አጽዱ። ለቤተሰቡ አባል ሁሉ የተለየ መለያ ክፈቱ፤ ቪዲዮ በራሱ እንዳይቀጥል አጥፉት። ኔትፍሊክስ ላይ በአካውንት ገጽ ከዕይታ ዝርዝራችሁ አንድን ርዕስ መደበቅ ትችላላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ለጥቆማ አይጠቅምም። ዩቲዩብ ላይ የዕይታ ታሪክን አጥፍቶ የቀድሞውን መሰረዝ ይቻላል። ከነሐሴ 2023 ወዲህ በቂ ታሪክ ለሌለው ሰው የፊት ገጹ ባዶ ሆኖ ይቀርባል። ያንን ባዶ ገጽ አንድ ሳምንት ተለማመዱት፤ መጀመሪያ ላይ እንደ ጠፋ ዕቃ ያስፈራል።

ቁልፎቹን ግን አትመኑ። ሞዚላ በ2022 ከ20,000 በላይ ፈቃደኞችን ይዞ ባደረገው ጥናት፣ «Not interested» የሚለውን መጫን ካልተፈለጉት ጥቆማዎች የከለከለው 11 በመቶውን ብቻ ነው። ቪዲዮውን ከታሪክ ማውጣት 29 በመቶ፣ «Don't recommend channel» ደግሞ 43 በመቶ ከለከለ። ከሁሉ የበረታው እንኳ ከግማሽ በላዩን አሳልፏል። ስለዚህ መጫን ካለባችሁ የመጨረሻውን ተጫኑ፤ ግን ነጻ ወጣሁ አትበሉ።

ይህ ሁሉ ደግሞ የሚያደርገው ባዶ ማድረግ ብቻ ነው። ባዶ ገጽ ፊልም አይመክርም። ብዙ ሰው አንድ ሳምንት ሞክሮ የሚመለሰው ለዚህ ነው፤ የሚያውቁት ሰይጣን ከማያውቁት መልአክ ይሻላል ብሎ። ባዶውን የሚሞላው ሰው ካልተገኘ ከማሽኑ መውጣት ዋጋ የለውም። ሰውም ደግሞ አለን። ይህ ከተማ «ሳንኮፋ»ን የሠራውን ሰው አስተምሯል። የዩሲኤልኤ የፊልም መዝገብ ቤት በ2011 የእነዚያን ፊልም ሠሪዎች ሥራ ሰብስቦ ለሕዝብ አሳይቷል። የሎስ አንጀለስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ያለው ሰው በካኖፒ በኩል ያለ ክፍያ ፊልም ማየት ይችላል። የጎደለው «ይሄንን እይ፣ በዚህ ምክንያት» የሚል ድምፅ ነው።

ስለዚህ ከፌርፋክስ ባለሱቆችና ባለ ምግብ ቤቶች አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በሒሳብ መክፈያው ጠረጴዛ ላይ በየወሩ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፦ የአንድ ፊልም ስም፣ የት እንደሚገኝ፣ ለምን መታየት እንዳለበት አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩም የመከረው ሰው ስም። ስሙ ግዴታ ነው፤ የምንወቅሰው ፊት ያስፈልገናል። አገር ቤት ያላችሁም በቴሌግራም ሊንክ ብቻ አትላኩ፤ ያያችሁትን ከሆነ ምን እንዳያችሁ ጨምሩ፣ ካላያችሁት አትላኩ። ሒስ የምንጽፍ ሰዎችም ፊልም ባነሣን ቁጥር የት እንደሚታይ የመጻፍ ዕዳ አለብን፤ ሒሳችን ለአንባቢ በር ካልከፈተ እርስ በርስ መሞጋገስ ነው።

አከፋፋዮቹ በ1993 ተመልካች የለም ብለው ገመቱ። ተመልካቹ ግን ነበረ፤ የሚነግረው ሰው ብቻ ነበር የቀረው። ዛሬም እንደዚያው ነው።